ከሥሩ የተቆረጠ ግራፍ ምንድን ነው?

ባር ግራፍ ቁጥርን የሚያሳየው በቁመት ነው። አንዱ ዓምድ የሌላውን እጥፍ ከረዘመ ዐይን ቁጥሩንም እጥፍ አድርጎ ይወስደዋል። ይህ ትክክል የሚሆነው ግን ዓምዶቹ ከዜሮ ሲነሱ ብቻ ነው። በግራ ያለው ቋሚ መስመር ከሌላ ቁጥር ከጀመረ ግራፉ ከሥሩ ተቆርጧል ማለት ነው።

«በደብረ ብርሃን ገበያ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ» የሚል ምስል በቴሌግራም ደረሰን እንበል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥናቸው እኛ ነን፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም። መስከረም ላይ 12,000 ብር፣ ታኅሣሥ ላይ 12,600 ብር ይላል። የታኅሣሡ ዓምድ ግን የመስከረሙን 4 እጥፍ ይረዝማል። ጭማሪው 600 ብር፣ ማለትም 5 በመቶ ነው፤ ያየ ሰው ግን ዋጋው ጣሪያ ነካ ብሎ ይደነግጣል።

ብዙ ጊዜ በግራ ያሉት ቁጥሮች ከምስሉ ተቆርጠው ስለሚወጡ መነሻውን ማየት አይቻልም። ያኔ ማስመሪያ ስልኩ ላይ አስጠግታችሁ ዓምዶቹን ለኩ። መስከረም 1 ሳንቲ ሜትር፣ ታኅሣሥ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የ3 ሳንቲ ሜትሩ ልዩነት 600 ብር ነው፤ ስለዚህ 1 ሳንቲ ሜትር 200 ብር ይወክላል። ከ12,000 ላይ 200 ሲቀነስ 11,800 ይቀራል። ግራፉ የተነሣው ከዚያ ነው። ምስሉን አጉልታችሁ ብትለኩትም መልሱ ያው ነው፤ ሁሉም ዓምድ በእኩል እጥፍ ያድጋልና።

ሦስተኛ ዓምድ ካለ ይኸው ልኬት የተነካካ ቁጥርንም ያጋልጣል። የካቲት ላይ 13,000 ተጽፎ ከሆነ ዓምዱ 6 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ከሆነ ቁመቱ የሚናገረው 12,500ን ነው፤ ጽሑፉና ሥዕሉ አልተስማሙም። ከሦስቱ የትኛው እንደተቀየረ ግን ማስመሪያ አይነግረንም። ለዚያ የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ለዋጋ ከሆነ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣቸውን ሰነዶች ፈልጉ። ምስሉ ምንጩን ካልጻፈ ዓምዶቹ ቢስማሙም አትመኑት።

ዓመተ ምሕረቱንም ተመልከቱ። «2016» የእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ የፈረንጅ? በመካከላቸው 7 ወይም 8 ዓመት አለ፤ የድሮ ዋጋ የአሁን መስሎ የሚዞረው አንዳንዴ በዚህ ነው።

የመስመር ግራፍ ግን ከዜሮ ባይነሣ ጥፋት አይደለም። የሸዋሮቢትን የቀን ሙቀት የሚያሳይ መስመር ከ20 ዲግሪ ቢጀምር የሚነበበው የመስመሩ መውጣትና መውረድ እንጂ ከታች ያለው ቁመት አይደለም። እዚያ የሚጠየቀው ቁጥሮቹ በግልጽ መጻፋቸውና በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል መሆኑ ነው።