የኢዮብ ትዕግሥት ምንድን ነው?

የጥበብ መጻሕፍትን ለሚያጠኑ ሰዎች በሚዘጋጁ ማስታወሻዎች ውስጥ «ኢዮብ አንድም ጊዜ ሳያጉረመርም ሁሉን ታገሠ» የሚል አባባል ደጋግሞ ይገጥመኛል። በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ይዘው፣ በመከራው ውስጥ ሆኖ «ለምን?» የሚል ሰው እምነት ጎድሎታል እስከ ማለት ደርሰዋል። እኚህ ሰው ከመጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፎች ያነበቡት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ይመስላል።

በእነዚያ ምዕራፎች ኢዮብ ልጆቹንና ሀብቱን ባጣ ጊዜ የአምላኩን ስም ይባርካል፤ ሦስት ወዳጆቹም መጥተው ሰባት ቀን አብረውት በዝምታ ይቀመጣሉ። ምዕራፍ 3 ላይ ግን ዝምታውን የሚሰብረው እርሱ ራሱ ሲሆን፣ አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ እስከ መጨረሻው ለመታገሥ ምን ጉልበት አለኝ ብሎ ይጠይቃል።

ታዲያ ትዕግሥቱ የቱ ላይ ነው? አቤቱታውን ይዞ ከችሎት ደጅ እንደማይጠፋ ባለጉዳይ አድርገን ብናየው ይቀለናል፤ ምዕራፍ 31 ላይ እርሱም ፊርማዬ ይኸው፣ ሁሉን ቻይ ይመልስልኝ ይላል። ባለጉዳዩ ይጮኻል፣ ይሟገታል፣ ነገር ግን ጉዳዩን ወደ ሌላ ዳኛ አይወስድም። ችግሩ ዳኛውና የተከሰሰው አንድ መሆናቸው ነው፤ ምዕራፍ 9 ላይ በመካከላችን የሚዳኝ የለም ብሎ የሚያዝነውም ስለዚህ ነው።

ወዳጆቹ በበኩላቸው መዝገቡ ሳይታይ ፍርድ ይሰጣሉ። ኤልፋዝ በምዕራፍ 4 ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው ብሎ በለሰለሰ ቃል ይጀምራል፤ ምዕራፍ 22 ላይ ሲደርስ ግን ለተጠማ ውኃ ከለከልህ፣ መበለቶችን ባዶ እጃቸውን ሰደድህ እያለ ማስረጃ የሌለው ክስ ይደረድራል። መከራ ሁሉ የኃጢአት ዋጋ ነው ብሎ ስለ ተነሣ፣ ኃጢአቱን መፈልሰፍ ግድ ሆነበት። ምዕራፍ 42 ላይ የእግዚአብሔር ቁጣ የወረደው በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ላይ ነው፤ በቅንነት ተናገረ የተባለው ኢዮብ ነው።

ይህ ሲባል የኢዮብ ቃል ሁሉ ጸደቀ ማለት አይደለም፤ ምዕራፍ 38 ላይ ያለ እውቀት መናገሩ ተነቅፏል። መጽሐፈ ምሳሌ 16 የሚያመሰግነው ትዕግሥትም ቁጣን መግዛት ስለሆነ፣ ከኢዮብ ጋር ሊምታታ አይገባም።

የመከለሻ ጥያቄዎች፦ ኤልፋዝ ከምዕራፍ 4 እስከ 22 አነጋገሩን የለወጠው ኢዮብ ምን ስላለው ነው? በምዕራፍ 38 የተነቀፈው ሰው በምዕራፍ 42 በቅንነት ተናገረ መባሉ እንዴት ይታረቃል? ከምዕራፍ 32 እስከ 37 የተናገረው ኤሊሁ በመጨረሻው ፍርድ ስሙ ለምን አልተነሣም?