የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ ከሪፖርት ምን ይቅር?

«ምክንያቱን ካልጻፍኩ ሪፖርቴ ጎዶሎ ይሆናል።»

ደቡብ ወሎ፣ ደጋው ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ የክትባት ፍሪጁ ጠፍቶ ከረመ። ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ ክፍሉን ስከፍት ቴርሞሜትሩ 14 ዲግሪ ያሳያል። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ለወረዳው ሪፖርት መጻፍ የኔ ሥራ ነበር። የመጀመሪያው ረቂቄ የሚጀምረው በዚህ ነው፦ «ጥበቃው ሞባይሉን ቻርጅ ለማድረግ ፍሪጁን ነቅሎት ሳይሆን አይቀርም።»

ሲነቅለው ያየ ሰው የለም። እኔ በዓይኔ ያየሁት ሦስት ነገር ብቻ ነው። የፍሪጁ መሰኪያ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነው። የፍሪጁ መብራት አይበራም። ከሶኬቱ አጠገብ የሞባይል ቻርጀር አለ። የቀረውን ታሪክ በራሴ ገጣጥሜ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ያን መስመር ሰርዤ «ፍሪጁ የጠፋበት ምክንያት አልታወቀም፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲያየው ተጠይቋል» ብዬ ጻፍኩ። ባለሙያው ረቡዕ መጥቶ ሶኬቱን ፈታው። ውስጡ ያለው ሽቦ ላልቶ ተቃጥሏል። መሰኪያውን ሲነኩት ኃይሉ መጣ ሄድ ይላል። ግምቴ አልፎ ቢሆን ኖሮ ጥበቃው ማስጠንቀቂያ ይጻፍለታል፣ ጉዳዩም ይዘጋል። ሶኬቱን የሚፈታ ግን አይኖርም። ፍሪጁም ያው የተቃጠለ ሶኬት ላይ ይቀጥላል።

ቻርጀሩንስ? እሱ ላይ ብዙ አሰብኩ። ያየሁት ነገር ስለሆነ ግምት አይደለም። ግን ቻርጀሩን ብቻ ጽፌ መሰኪያው ተሰክቶ እንደነበር ብተው፣ ሳልናገር ሰውየውን መክሰሴ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። አንድ እውነት ብቻውን ሲቆም ወደ ሰው የሚጠቁም ከሆነ፣ አብሮት የታየውን ማስከተል ግድ ነው።

«አስተያየት ችግር የሚሆነው ሰው ሲነካ ነው። ስለ ዕቃ ከሆነ ምንም አይደል።»

ረቂቄ ላይ ይህም ነበረበት፦ «አካባቢው ደጋ በመሆኑ ክትባቱ ብዙም አልተጎዳም ብዬ አምናለሁ።» ማንንም አይነካም። እንዲያውም ያረጋጋል። እኔን እስካሁን የሚያሳስበኝ ግን ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ያንን አንብቦ ክትባቱን ለሕፃናት እንዲሰጥ የሚፈቅድ ሰው ይኖራል።

ደጋው ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ እውነት ነው። ግን ውሳኔው የሚሰጠው በአየሩ አይደለም። ፍሪጁ ውስጥ የሙቀት መጠን በየዕለቱ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አለ። ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ በላይ ለ10 ሰዓት ከቆየ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያሳያል። የኛው ምልክቱን አሳይቷል። ሁለተኛው ማስረጃ በክትባቱ ብልቃጥ፣ በቫያሉ ላይ ያለው ቪቪኤም የሚባል የሙቀት ምልክት ነው። ክብ ውስጥ ያለች አራት ማዕዘን ናት። ሙቀት ባገኘችው ቁጥር ትጠቁራለች። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረች ወይም ከባሰች ያ ቫያል አይሰጥም።

ስለዚህ በእምነቴ ፋንታ የገባው ይህ ነው፦ መሣሪያው ያሳየው ንባብ፣ የእያንዳንዱ ክትባት ዓይነት የቫያል ብዛት፣ ስንቱ ቪቪኤም ክቡን እንዳከለና ስንቱ እንዳላከለ። «ሁሉም ውሳኔ እስኪመጣ ተለይቶ ተቀምጧል፤ አልተሰጠም» የሚል መስመርም ጨመርኩ። አንባቢው ከዚህ ተነስቶ ራሱ መወሰን ይችላል። የኔ እምነት ለውሳኔው የሚጨምርለት ነገር የለም።

«ተረኛዋ ቸልተኛ ነበረች። ይሄ እኮ የማውቀው ሐቅ ነው።»

«ቸልተኛ» ፍርድ ነው። ፍርዱን እንድሰጥ ያደረገኝ ነገር ምንድን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የሙቀት ቅጽ ነበር። ሙቀቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ይመዘገባል። የቅዳሜና የእሁድ አራቱም ሳጥኖች ባዶ ናቸው። የመጨረሻው ንባብ ዓርብ 10 ሰዓት ላይ የተጻፈው 5 ዲግሪ ነው።

እንደዛው ጻፍኩት፦ «የቅዳሜና የእሁድ አራት ንባቦች አልተመዘገቡም።» ከ«ቸልተኛ» ይልቅ ይህ ይከብዳል። ቅጹን አውጥቶ ማየት ይቻላል፤ ቃሉን ግን ማንም ሊክደው ይችላል። ደግሞም ሳጥኖቹ ለምን ባዶ ሆኑ የሚለውን ጥያቄ ክፍት ይተወዋል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

«ስለ ሠራተኛዋ የማውቀውን ብጨምር አለቆች ነገሩን በደንብ ይረዱታል።»

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቅንነት የመከረኝ እንዲህ ነው፦ «ባለፈው ዓመት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ከተፋታች ወዲህም ልቧ ሥራ ላይ የለም። እሱን ጨምርበት።»

ሪፖርት አንድ ሰው እጅ ላይ አይቀርም። ለወረዳው ይጻፋል፣ ግልባጭ ለዞን፣ ግልባጭ ለፋይል። የፍቺ ነገር አንዴ ከገባ መዝገብ ቤት የሚያገላብጥ ሁሉ ያነበዋል። እሷም ደሴ መናኸሪያ ላይ ከማታውቀው ሰው ትሰማዋለች። ለፍሪጁ ግን የሚፈይደው የለም። የቆየው ማስጠንቀቂያም የግል ማኅደሯ ውስጥ ነው። የዲሲፕሊን ጉዳይ ካለ በራሱ ደብዳቤና በራሱ መንገድ ይሄዳል።

የምለይበት መንገድ ቀላል ነው። በቦታዋ ሌላ ሰው ቢኖር ይህ መረጃ የፍሪጁን ጉዳይ ያብራራ ነበር? ፍቺ አያብራራም። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ሕመምም እንዲሁ። ግን «ተረኛዋ በክትባት ፍሪጅ አያያዝ ላይ ሥልጠና አልወሰደችም» የሚለው ያብራራል። እሱም ስለ ሠራተኛ ነው፣ ነገር ግን መግባት አለበት። ስም ከማንሳት ይልቅ «ተረኛዋ ነርስ»፣ «የሌሊት ጥበቃው» ማለት ይበቃል። የተረኞች ሰሌዳ አለ፤ ማን እንደነበር ማወቅ የሚያስፈልገው ሰው ከዚያ ያገኘዋል።

«ከሰው የሰማሁት ወሬ ስለሆነ ይቅር።»

ወሬና ቃል ይለያያሉ። ጥበቃውን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አባባ ነው የምንላቸው። «አብሽር ልጄ፣ እኔ አልነካሁትም። ቅዳሜ ማታ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል ግን አይቻለሁ» አሉኝ። «የሌሊት ጥበቃው ቅዳሜ ማታ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል ማየታቸውን ተናግረዋል» ብዬ ከነ ቀኑ ጻፍኩ። ማለታቸው እርግጥ ነው። ትክክል መሆን አለመሆኑን ባለሙያው ያጣራው። ግቢው ውስጥ ቡና ላይ የተወራውን፣ ማን እንዳለውም የማይታወቀውን ግን አላስገባሁም።

«አላስፈላጊውን ተው ከተባለ፣ እኔን የሚያስወቅሰውንም መተው እችላለሁ።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ግምት፣ አስተያየትና የሰው የግል ጉዳይ የሚቀሩት አንባቢውን ከጉዳዩ ስለሚያርቁት ነው። እኔን የሚያሳፍር እውነት ግን አንባቢውን ወደ ጉዳዩ ያቀርበዋል።

እነዚያ አራት ባዶ ሳጥኖች ለምን ባዶ ሆኑ? ተረኛዋ ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ነበር። ክፍሉ ተቆልፎ አገኘችው። እሁድም እንደዚያው። ቁልፉ ደሴ ነበር፣ ከኔ ጋር። ለቅሶ ሄጄ ነው፣ ግን ለቅሶውን አልጻፍኩትም። የሷ ፍቺ ካልገባ የኔ ለቅሶም አይገባም። ከአራቱ ባዶ ሳጥኖች ቀጥሎ ያለው መስመር ይህ ነው፦ «የክፍሉ ብቸኛ ቁልፍ ከዓርብ 11 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት በዚህ ሪፖርት ጸሐፊ እጅ ነበር፤ ተረኛዋ መግባት አልቻለችም።»