የክሮን ሰዓትና የሐዋሳ ሰዓት

ክሮን በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ አንድን ሥራ በተወሰነ ጊዜ እየደጋገመ የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በዩኒክስ ላይ ተዋወቀ፤ ዛሬም የቴሌግራም ቻናሎችን መልእክት በሰዓቱ የሚለጥፉ ትናንሽ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የሚነሱት በእሱ ነው። ሥራው መቼ እንደሚነሳ የሚነገረው ክሮንታብ በሚባለው ፋይል ውስጥ በሚጻፍ፣ አምስት ቦታዎች ባሉት አንድ አጭር መስመር ነው። ቦታዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ደቂቃ (ከ0 እስከ 59)፣ ሰዓት (ከ0 እስከ 23)፣ የወሩ ቀን፣ ወር እና የሳምንቱ ቀን ናቸው። በሳምንቱ ቀን ቦታ እሑድ 0 ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ 6። የኮከብ ምልክት ያለበት ቦታ «ማንኛውም» ማለት ነው። ክሮን በየደቂቃው ሰዓቱን ይመለከትና ከመስመሩ ጋር ሲገጥም ሥራውን ያስነሳል። ያመለጠውን ደቂቃ ተመልሶ አያካክስም፤ ኮምፒውተሩ በዚያች ደቂቃ ጠፍቶ ከነበረ የዕለቱ መልእክት ቀረ ማለት ነው።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ዓሣ ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። ባለቤቱ ማለዳ ከአሞራ ገደል ዓሣውን ገዝቶ ሲመለስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የዕለቱ ዝርዝር በቻናሉ እንዲለጠፍ ይፈልጋል፤ ቆሮሶ ጥብስ፣ አምባዛ ጉላሽ፣ የዓሣ ሾርባ። ልቡ የሚነግረውን ከጻፈ እንዲህ ይሆናል፦

```
30 1 * * * /home/asa/lietef.sh
```

መስመሩ በአጻጻፍ ምንም ጉድለት የለበትም። ስሕተቱ ያለው በሰዓቱ ነው። ክሮን ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት እንጂ እንደኛ ከንጋት አይደለም። የእኛ ጠዋት 1፡30 በክሮን ቋንቋ 7፡30 ነው። ይህንን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሚዘነጋው ሁለተኛው የሰዓት ልዩነት ነው። በኪራይ የሚገኙ አገልጋይ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሰዓት ከእሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ከላይ ያለው መስመር ዝርዝሩን የሚለጥፈው ሐዋሳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው፤ ጀልባዎቹ ገና ከሐይቁ ሳይመለሱ። ወደ 7 ቀይሮ ብቻ ቢተወው ደግሞ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። ትክክለኛው ይህ ነው፦

```
30 4 * * * /home/asa/lietef.sh
```

ለቀን ሰዓቶች የማስታወሻው ስሌት ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ በኢትዮጵያ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 6፣ በዓለም አቀፉ ከሆነ 3 ይደመራል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፤ `date` ብሎ ጽፎ በእጅ ካለው ሰዓት ጋር ማስተያየት ነው። አንዳንድ የክሮን ዓይነቶች በፋይሉ አናት ላይ `CRON_TZ=Africa/Addis_Ababa` ሲጻፍ ሰዓቱን ወደኛ ያዞራሉ። ሌሎቹ ግን መስመሩን ያለ ቅሬታ ተቀብለው በራሳቸው ሰዓት ይቀጥላሉ፤ ይህ ዝምታቸው ከስሕተት መልእክት ይልቅ ያስቸግራል።

ሌሊቱ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠማዘዛል፣ ምክንያቱም ቀኑም ይለወጣል። «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» የምንለውን ቅጽበት እንይ። በኢትዮጵያ ሰዓት ለሚሠራ ክሮን ይህ እሑድ 1፡00 ነው፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ለሚሠራው ግን ገና ቅዳሜ 22፡00። የመጀመሪያው `0 1 * * 0` ይጻፋል፣ ሁለተኛው `0 22 * * 6`። ሰዓቱን አስተካክሎ የሳምንቱን ቀን የረሳ ሰው መልእክቱ በትክክለኛው ሰዓት፣ ግን በተሳሳተ ሌሊት ሲወጣ ያገኘዋል።

ከሰዓት ጋር ያልተያያዙት ስሕተቶች ጥቂት ናቸው። በጣም የሚያሳፍረው የደቂቃውን ቦታ በኮከብ መተው ነው። `* 4 * * *` «በ4 ሰዓት» ማለት ይመስላል፤ ለክሮን ግን «በ4 ሰዓት ውስጥ ባለ በየደቂቃው» ነው፣ ስለዚህ የቻናሉ ተከታዮች አንዱን የምግብ ዝርዝር በአንድ ሰዓት ውስጥ 60 ጊዜ ያዩታል። በየአምስት ቀኑ ለመለጠፍ በወሩ ቀን ቦታ `*/5` የሚጽፍም አለ። ክሮን ካለፈው ልጥፍ ተነስቶ አይቆጥርም፤ በየወሩ ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ በ1፣ በ6፣ በ11 እያለ እስከ 31 ይሄድና በማግስቱ፣ ወሩ በባተ በ1፣ እንደገና ይለጥፋል።

ልምድ ያላቸውንም የሚጥለው ግን በወሩ ቀንና በሳምንቱ ቀን መካከል ያለው ሕግ ነው። ዓሣ ቤቱ በፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የቅናሽ ማስታወቂያ ማውጣት ፈለገ እንበል። ከ1 እስከ 7 ባሉት ቀናት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ብቻ ስላለ `0 6 1-7 * 6` ብሎ መጻፍ ብልህነት ይመስላል። በሌሎቹ ቦታዎች መካከል ያለው ግንኙነት «እና» ነው፤ ሁለቱ የቀን ቦታዎች አብረው ሲሞሉ ግን ክሮን የሚያነበው «ወይም» ብሎ ነው። መስመሩ ከ1 እስከ 7 በየቀኑ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየቅዳሜው። የወር አንድ ጊዜ ቅናሽ በወር 10 ወይም 11 ጊዜ ይታወጃል። መድኃኒቱ አንደኛውን ቀን በክሮን ይዞ ሌላውን በትእዛዙ ውስጥ ማጣራት ነው፦

```
0 6 1-7 * * [ "$(date +\%u)" = 6 ] && /home/asa/kinash.sh
```

እዚህ `date` የሳምንቱን ቀን ከሰኞ 1 ጀምሮ ስለሚቆጥር ቅዳሜ 6 ነው። ከመቶኛ ምልክቱ በፊት ያለችው ዘንባላ መስመር ለጌጥ አልገባችም፤ ክሮንታብ ውስጥ ባዶውን የተጻፈ የመቶኛ ምልክት ትእዛዙን እዚያው ይቆርጠዋል። ትእዛዙን በእጅ ሲሞክሩት ሠርቶ በክሮን ሲሆን እምቢ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአምስቱ ቦታዎች ጨርሶ የማይጻፍ ጊዜም አለ። በሐዋሳ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ታኅሣሥና ሐምሌ 19 በብዙ ሕዝብ ይከበራል፣ ወርኃዊው መታሰቢያም በየወሩ በ19 ነው። ዓሣ ቤቱ በየወሩ በ19 የመልካም በዓል መልእክት ልለጥፍ ቢል፣ በወሩ ቀን ቦታ 19 መጻፍ የሚያመጣው የፈረንጆቹን 19 ነው። መስከረም 19 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 29 ይውላል፣ ኅዳር 19 ኖቬምበር 28፣ ጥር 19 ጃንዋሪ 27፣ ነሐሴ 19 ኦገስት 25። ለ12ቱ ወራት 12 መስመር የሚጽፉ ታታሪዎች አሉ። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ስድስቱ በአንድ ቀን ይገፋሉ። በ2016 ታኅሣሥ 19 የዋለው ዲሴምበር 28 ሳይሆን 29 ነበር፤ መስመሩን ያልነካ ሰው የገብርኤልን መልእክት የሚለጥፈው በ18 ነው። ስለዚህ ክሮኑ በየቀኑ `30 4 * * *` ብሎ ቢነሳና ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር የመለወጡን ሥራ ፕሮግራሙ ራሱ ቢይዝ፣ 19 ካልሆነም ምንም ሳይለጥፍ ቢወጣ ይሻላል።