የቫልቭ ሞላ ድፍን ቁመት ምንድን ነው?

ሶማሌ ተራ የቫልቭ ሞላ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሞላውን በመዳፉ ይዞ ይጫነዋል። እምቢ ካለው ደስ ይለዋል። ሻጩም «ወንድሜ፣ ይሄ ወፍራም ሽቦ ነው፣ አይደክምም» ይለዋል። ጥንካሬው መታየቱ ትክክል ነው። የሚረሳው ሌላ ቁጥር አለ። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲታመቅ ጥምዞቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ ሞላው እንደ ቱቦ ድፍን ይሆናል። ያን ጊዜ ያለው ርዝመት ድፍን ቁመት ይባላል። ሞተር ውስጥ ያለ ሞላ እዚያ ቁመት ላይ ፈጽሞ መድረስ የለበትም።

በአንድ ምሳሌ እንየው። ሽቦው 4 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ከሽቦው መሃል እስከ ሽቦው መሃል ሲለካ የሞላው ስፋት 24 ሚሊሜትር ነው። ጠቅላላ 7 ጥምዝ አለው። የላይኛውና የታችኛው ጥምዝ ግን ተኝተው፣ ጫፋቸው ተሞርዶ ለመቀመጫ ብቻ ያገለግላሉ። እንደ ሞላ የሚሠሩት 5ቱ ናቸው። ሳይጫን ቁመቱ 48 ሚሊሜትር ነው።

ድፍን ቁመቱን ለማግኘት ሒሳብ አያስፈልግም ማለት ይቻላል። 7 ጥምዝ በ4 ሚሊሜትር፣ 28 ሚሊሜትር። በቃ።

ጥንካሬው ደግሞ ሞላውን አንድ ሚሊሜትር ለማሳጠር ስንት ኪሎ ያስፈልጋል የሚለው ነው። ቀመሩ አጭር ነው፦

```
k = G·d⁴ / (8·D³·n)
```

d የሽቦው ውፍረት፣ D የሞላው ስፋት፣ n የሚሠሩት ጥምዞች ብዛት ነው። G የብረቱ የራሱ ባሕርይ ነው፤ ለሞላ ብረት 79 ሺህ ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። የእኛ ሞላ 36.6 ኒውተን በሚሊሜትር ይወጣል፣ ወደ 3.7 ኪሎ ማለት ነው።

ከዚህ ቀመር አንድ ነገር ብቻ ይያዝልኝ። ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ስለዚህ በዓይን የማይለይ ልዩነት ብዙ ይቀይራል። ሽቦው 4.2 ሚሊሜትር ቢሆን ሞላው ከ20 በመቶ በላይ ይጠነክራል።

አሁን ቴስታታው ላይ እንግጠመው። ቫልቩ ሲዘጋ ሞላው 40 ሚሊሜትር ላይ ይቀመጣል። 8 ሚሊሜትር ታምቋል፣ ስለዚህ ቫልቩን በ30 ኪሎ ገደማ ይዞታል። ካምሻፍቱ ቫልቩን 9 ሚሊሜትር ሲከፍተው ሞላው 31 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ኃይሉም 63 ኪሎ ይደርሳል። ድፍን ቁመቱ 28 ስለሆነ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ቀርቶለታል። ይህ ጤነኛ ነው። ሞተር የሚያዘጋጁ ብዙ ባለሙያዎች ትርፉ ከ1.5 ሚሊሜትር እንዲያንስ አይፈልጉም።

ችግሩ የሚመጣው ሞላው ሲያረጅ ነው። ሙቀትና የዓመታት ጫና ያሳጥረዋል። አንዳንድ ጋራዥ ውስጥ መፍትሔው ከሥሩ ሮንዴላ መጨመር ነው። በልኩ ከሆነ ክፋት የለውም፤ ፋብሪካዎችም ቀጫጭን ሮንዴላ ይጠቀማሉ። ግን ባለ 2 ሚሊሜትር ሮንዴላ ገባ እንበል። ቫልቩ ሙሉ ሲከፈት ሞላው 29 ሚሊሜትር ላይ ይደርሳል። ትርፉ 1 ሚሊሜትር ብቻ ቀረ። ለ5 ጥምዝ ሲካፈል በየመሃሉ 0.2 ሚሊሜትር ነው።

በእጅ ሲሽከረከር ሞተሩ ምንም ችግር አያሳይም፣ በሰላም ይዞራል። ወጥመዱ እዚህ ነው። ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ጥምዞቹ እኩል አይታመቁም። ከካምሻፍቱ የሚመጣው ምት በሞላው ውስጥ እንደ ማዕበል ይመላለሳል። በአንድ ቅጽበት ጥቂት ጥምዞች ይጠጋጋሉ፣ ሌሎቹ ይራራቃሉ። 0.2 ሚሊሜትር ለዚህ አይበቃም። ብረት ከብረት ይጋጫል፣ የተጋጨበት ቦታ ላይ ጭረት ይወጣል። ትርፉ ጨርሶ ካለቀ ደግሞ ካምሻፍቱ ድፍን ብረት እየገፋ ነው ማለት ነው። የሚታጠፍ ወይም የሚሰበር ነገር አይጠፋም።

ወፍራሙን ሽቦ የመረጠ ሰውም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ባለ 4.2 ሚሊሜትሩ ሞላ ድፍን ቁመቱ 29.4 ነው። ትርፉ ከ3 ወደ 1.6 ይወርዳል። በዚያ ላይ የካምሻፍቱ ጫና ወደ 77 ኪሎ ያድጋል፣ ያ ደግሞ ካምሻፍቱን ይበላዋል።

ጭረቱ ለምን ያሳስበናል? በድካም ምክንያት ነው፤ ጫና ሲደጋገምበት ብረት ከትንሽ ስንጥቅ ተነስቶ ቀስ በቀስ ይሰበራል። ሞላ ሲታመቅ ከውጭ የሚያጥር ይመስላል እንጂ ሽቦው የሚያየው መጠምዘዝ ነው፣ እንደሚጨመቅ እርጥብ ጨርቅ። ትልቁ ጫና የሚያርፈው በሽቦው ገጽ ላይ ነው፣ በተለይ ወደ ሞላው ውስጥ በዞረው ጎን። በምሳሌያችን ጫናው ቫልቩ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ከ350 ወደ 740 ሜጋፓስካል አካባቢ ይመላለሳል። ጥሩ የቫልቭ ሞላ ብረት ይህን ይችላል። ሮንዴላው ሲገባ ግን ጫፉ ከ830 ይዘላል።

ብዛቱን ደግሞ አስቡት። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 1,500 ጊዜ ይከፈታል። በአንድ ሰዓት 90,000 ነው። ከሜክሲኮ ፒያሳ እየተመላለሰ የሚውል ሚኒባስ 10 ሚሊዮን ምት ለመሙላት ብዙ ወር አይፈጅበትም። ስለዚህ የቫልቭ ሞላ እስከ መቼውም እንዳይሰበር ተደርጎ ነው የሚነደፈው። ፋብሪካው ገጹን በትናንሽ የብረት ጥይቶች ይደበድበዋል። ድብደባው ገጹን እየጨመቀ ስለሚያስቀምጠው ስንጥቅ ለመጀመር ይቸገራል። አንድ የዝገት ጉድጓድ ወይም በፒንሳ የተያዘበት ጭረት ግን ይህን ጥበቃ ያፈርሰዋል። ሞላ በፒንሳ አይያዝ የምለው ለዚህ ነው። በእሳት አሙቆ መሳብማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ቁመቱ ይመለሳል፣ የብረቱ ሙቀት ሕክምና ግን ይጠፋል።

የተሰበረ ሞላ ካጋጠማችሁ አትጣሉት። ስብራቱን በብርሃን ተመልከቱት። በድካም የተሰበረ ከሆነ አንድ ጎኑ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በውስጠኛው ገጽ፣ እንደ ጥፍር የተጠጋጋ ለስላሳ ስፍራ ይታያል። ስንጥቁ ቀስ እያለ ያደገው እዚያ ነው። የቀረው ሻካራ ክፍል በመጨረሻዋ ቅጽበት የተበጠሰው ነው። የለስላሳው ስፍራ መነሻ ላይ ጉድጓድ ካለ ጥፋቱ ዝገት ነው። መነሻው ጎረቤት ጥምዝ ያሻሸው አብረቅራቂ ምልክት ላይ ከሆነ ግን አዲስ ሞላ ከመግጠም በፊት ትርፉ ይለካ።

መለካቱ ቀላል ነው። ሻማ ወይም ኢንጀክተር አውጥታችሁ ሞተሩን በቁልፍ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ቫልቩ ሙሉ ሲከፈት አቁሙት። በጥምዞቹ መካከል ቀጭን የክፍተት መለኪያ እያስገባችሁ የእያንዳንዱን ክፍተት መዝግቡና ደምሩ። ድምሩ ትርፉ ነው። ከ1.5 ሚሊሜትር ካነሰ ሮንዴላው ይውጣ፣ ወይም ሞላው በሞተሩ መመሪያ ላይ ከተጻፈው ቁመትና ኪሎ ጋር ይመሳከር። አንዱ በድካም ከተሰበረም የቀሩት ሞላዎች ያንኑ ያህል ምት ሠርተዋልና አብረው ይቀየሩ።