መንቃት የሚያስከፍለው፦ ሃይበርኔሽንና ዕለታዊ ቶርፖር

አንዳንድ አጥቢ እንስሳትና ወፎች ምግብ ሲጠፋ ወይም ብርድ ሲበረታ የሰውነታቸውን ሙቀት ዝቅ አድርገው ይደነዝዛሉ። ልባቸው ይዘገያል፣ አተነፋፈሳቸው ይቀንሳል፣ ቢነኳቸውም ቶሎ አይነቁም። ይህ ሁኔታ ቶርፖር ይባላል። በአማርኛ ድንዛዜ ብንለው ያስኬዳል። ከተራ እንቅልፍ በጣም ይለያል። ተራ እንቅልፍ የሚቆጥበው ጉልበት ትንሽ ነው። በድንዛዜ ግን የሰውነት ወጪ ወደ ጥቂት በመቶ ሊወርድ ይችላል።

ድንዛዜ በሁለት መልክ ይመጣል። የመጀመሪያው ዕለታዊ ቶርፖር ነው። እንስሳው ለጥቂት ሰዓታት ይደነዝዝና በዚያው ቀን ነቅቶ ምግቡን ይፈልጋል። ሁለተኛው ሃይበርኔሽን ነው። እዚህ አንዱ ድንዛዜ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይዘልቃል፣ እንዲህ እየተደጋገመም ወራት ያልፋሉ። እንስሳው በነዚያ ወራት የሚኖረው ቀድሞ ባከማቸው ስብ ወይም ጉድጓዱ ውስጥ ባስቀመጠው እህል ነው።

ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው፣ ልዩነታቸው የመጠን ብቻ ነው የሚል ክርክር ለረጅም ጊዜ ነበር። ቶማስ ሩፍና ፍሪትዝ ጋይዘር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የ214 ዝርያዎችን መረጃ ሰብስበው ሲያነጻጽሩ ሁለት ቡድኖች ጎልተው ወጡ። በዕለታዊዎቹ ረጅሙ ድንዛዜ በአማካይ 11 ሰዓት ያህል ነው። በሃይበርኔሽን ግን ወደ 17 ቀን ይጠጋል። ዕለታዊዎቹ ሲደነዝዙ የሚያወጡት ጉልበት፣ ብርድ ሳይነካቸው አርፈው ሲቀመጡ ከሚያወጡት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሌሎቹ ወደ 6 በመቶ ይወርዳሉ። አንድ ዝርያ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ታዲያ ሰዓቱን ማየት ይሻላል። ዕለታዊው ምግብ ቢከለከልም፣ ብርዱ ቢከፋም፣ ድንዛዜውን ከአንድ ቀን በላይ አይገፋውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ብዙ ጽሑፍ የሚያወራው እንስሳው ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ነው። ሪከርዱ የአርክቲክ ስኩረል ነው። ይህ በአላስካ መሬት ቆፍሮ የሚኖር ትንሽ እንስሳ የሰውነቱ ሙቀት ከዜሮ በታች 2.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ተለክቷል፣ ደሙም በረዶ አልሆነም። የሚገርም ነው። ነገር ግን የቁጠባው መጠን የሚወሰነው በዋናነት እዚህ ላይ አይደለም። ትልቁ ወጪ ያለው መንቃት ላይ ነው።

ሃይበርኔሽን ውስጥ የገባ ስኩረል እስከ ጸደይ ድረስ ዝም ብሎ አይተኛም። በየሳምንቱ ወይም በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ይነቃል። በትከሻውና በአንገቱ አካባቢ ያለው ቡናማ ስብ መቃጠል ይጀምራል። ይህ ስብ ሥራው ሙቀት ማመንጨት ብቻ ነው። ልብ፣ ሳንባና አእምሮ ያሉበት የፊቱ ክፍል ቀድሞ ይሞቃል፣ የኋላው ይከተላል። ጡንቻው ትንሽ ሞቅ ሲል ደግሞ መንቀጥቀጥ ይጨመርበታል። በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ከጉድጓዱ ቅዝቃዜ ተነስቶ 37 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ ግማሽ ቀን ያህል ሞቆ ይቆይና እንደገና ይቀዘቅዛል።

ይህ ምን ያህል ያስከፍላል? ለስሌት እንዲመች ክብ ቁጥሮች እንውሰድ። ስኩረሉ በብርዱ ጉድጓድ ውስጥ ነቅቶና ሞቆ ቢቀመጥ በሰዓት 10 ብር የሚከፍል ይመስል እንቁጠረው። 14 ቀን 336 ሰዓት ስለሆነ ጠቅላላው 3,360 ብር ይሆናል። አሁን ደግሞ 13ቱን ቀን ይደንዝዝ፣ በሰዓት 20 ሳንቲም ብቻ ይክፈል። ይህ ወደ 62 ብር ነው። በቀረችው አንድ ቀን ለመሞቅ 3 ሰዓት በ40 ብር ይከፍላል፣ 120። ሞቆ ለሚቆይበት 15 ሰዓት 150፣ ተመልሶ ለሚቀዘቅዝበት 6 ሰዓት ደግሞ በ3 ብር ሒሳብ 18። ድምሩ 350 ብር ነው።

ከ3,360 ወደ 350 መውረድ 90 በመቶ ቁጠባ ነው። ግን ወጪውን እንየው። ከ350ው ብር 288ቱ የወጣው በአንዷ ቀን ነው፤ አሥራ ሦስቱ ቀናት ተደምረው 62 ብር ብቻ ወስደዋል። ክብ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፣ ውጤቱ ግን ከእውነተኛው ልኬት ብዙ አይርቅም። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲው ላሪ ዋንግ በ1970ዎቹ የሪቻርድሰን ስኩረል የሚባለውን ዝርያ አጥንቶ ነበር። በእርሱ ስሌት እንስሳው በሃይበርኔሽኑ ወቅት 88 በመቶ ያህል ጉልበት ይቆጥባል። ከሚያወጣው ውስጥ ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ የሚሄደው ለመንቃት፣ ሞቆ ለመቆየትና ተመልሶ ለመቀዝቀዝ ነው።

ዕለታዊውንም በዚያው ብር እንቁጠረው። የጁንጋሪያ ሃምስተር የምትባለው ትንሿ አይጥ መሳይ እንስሳ ጥሩ ምሳሌ ናት። የሳይቤሪያ አካባቢ ናት፣ ክብደቷ ከ50 ግራም በታች ነው። ቀኑ ሲያጥር ፀጉሯ ይነጣል፣ ክብደቷ ይቀንሳል፣ ከዚያ ቀን ቀን ለጥቂት ሰዓት መደንዘዝ ትጀምራለች። ሰውነቷ ወደ 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። 16 ሰዓት እንደወትሮው ትኑርና 160 ብር ትክፈል። 7 ሰዓት ትደንዝዝ፣ በሰዓት 2 ብር፣ 14 ብር። ለመሞቅ አንድ ሰዓት በ20 ብር። ድምሩ 194 ነው። ሳትደነዝዝ ብትውል 240 ትከፍል ነበር። ቁጠባው 19 በመቶ ነው ማለት ነው። በእውነተኛ ልኬቶች የዕለታዊ ቶርፖር ቁጠባ እንደ ዝርያው፣ እንደ ብርዱና እንደ ርዝመቱ ይለያያል፤ ከ10 በመቶ ጀምሮ እስከ 80 በመቶ የሚደርስም ተመዝግቧል።

19 በመቶ ካልን ከ90 ጋር ሲተያይ ኢምንት ይመስላል። ለሃምስተሯ ግን ያዋጣታል። ነቅታ ትበላለች፣ ጎጆዋን ትጠብቃለች፣ ያን ያህል ስብ መሸከም አይጠበቅባትም። ደግሞ ትንሽ ሰውነት ቶሎ ይሞቃል፣ ስለዚህ በየቀኑ መንቃት እንደ ትልቅ እንስሳ አያከስራትም። አውስትራሊያ ውስጥ ያሉ ደናርት የሚባሉ፣ ልጆቻቸውን በሆዳቸው ከረጢት የሚያሳድጉ አይጥ መሳይ እንስሳት ይህንንም ወጪ ለፀሐይ ያስተላልፉታል። ጠዋት እንደደነዘዙ ወደ ፀሐይ ወጥተው ይጋደማሉ፣ ሰውነታቸው በነፃ ይሞቃል።

ወፎች ከተነሱ ሃሚንግበርድን ማለፍ አይቻልም። የምትገኘው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች በረንዳ ላይ በተሰቀለ የስኳር ውኃ ዙሪያ አይታችኋት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከአበባ አበባ እየበረረች የምታገኘውን ያንኑ ታቃጥላለች፣ ለሌሊት የምታስቀምጠው ስብ ጥቂት ነው። በፔሩ የአንዲስ ተራሮች 3,800 ሜትር ገደማ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት አንዷ ዝርያ ሌሊት ላይ 3.3 ዲግሪ ስትደርስ መዝግቧል። ቀን ላይ የሰውነቷ ሙቀት 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከብዙ ሃይበርኔሽን ከሚገቡ አጥቢዎች የባሰ ትቀዘቅዛለች ማለት ነው፣ ጠዋት ግን ትነሳለች። ወፎች ቡናማ ስብ የላቸውም። የሚሞቁት የደረት ጡንቻቸውን በማንቀጥቀጥ ነው፣ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል። የደነዘዘች ሃሚንግበርድ ላባዋን ነፍታ፣ አፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ ሞታ የደረቀች መስላ ትታያለች። አንስቶ ማሞቅ አያስፈልግም፣ ራሷ ትነሳለች።

ከወፎች መካከል እውነተኛ ሃይበርኔሽን የታወቀው በአንድ ዝርያ ብቻ ነው። ፑርዊል ይባላል፣ የምዕራብ ሰሜን አሜሪካ የሌሊት ነፍሳት አዳኝ ነው። ኤድመንድ ጄገር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1946 በካሊፎርኒያ በረሃ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ደንዝዞ አገኘው፣ በተከታዩ ክረምትም ያንኑ ቦታ ተመልሶ አጠናው።

መንቃት ይህን ያህል ውድ ከሆነ ለምን ይነቃሉ? እስካሁን የተዘጋ ጥያቄ አይደለም። አንድ ፍንጭ ከእንቅልፍ ጥናት መጥቷል። ስኩረሎች እንደነቁ ወዲያው ጥልቅ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ በቀዝቃዛው ድንዛዜ ጊዜ እንቅልፍ የተጠሙ ይመስላሉ። ሌላው የበሽታ መከላከያ ነው። በደነዘዘ ስኩረል ላይ የባክቴሪያ ቁስ ሲወጋ ትኩሳት አላሳየም፤ ትኩሳቱ የመጣው ሲነቃ ነው። ስለዚህ ሞቆ መቆየቱ ሰውነት ውስጥ የገባውን ነገር የሚፈትሽበት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

የመንቃት ዋጋ ምን ያህል እንደሚከብድ በግልጽ የታየው በሰሜን አሜሪካ የሌሊት ወፎች ላይ ነው። ትንሿ ቡናማ የሌሊት ወፍ ክብደቷ 10 ግራም እንኳ አይሞላም። 2 ግራም ያህል ስብ ይዛ ዋሻ ትገባለች እንበል። አንድ ጊዜ ስትነቃ 0.11 ግራም ያህል ስብ ታቃጥላለች። በዚያው ስብ ደንዝዛ ብትቆይ ሁለት ወር ገደማ ይበቃት ነበር። በስድስት ወር ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ ማለትም 12 ጊዜ ያህል ብትነቃ 1.3 ግራም ያልቃል፣ ለድንዛዜው የሚሄደው 0.3 ግራም ብቻ ነው። ትንሽ ተርፏት ጸደይን ታያለች። 24 ጊዜ ብትነቃስ? ለመንቃት ብቻ 2.6 ግራም ያስፈልጋታል። የላትም።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒውዮርክ ግዛት አልባኒ አቅራቢያ አፍንጫቸው ላይ ነጭ ፈንገስ ያበቀሉ የሌሊት ወፎች ተገኙ። ፈንገሱ ብርድ ይወዳል፣ በደነዘዘ ሰውነት ላይ ያድጋል። ተመራማሪዎች ጀርባቸው ላይ ትንንሽ ሙቀት መለኪያ ለጥፈው ሲከታተሉ የታመሙት ከጤነኞቹ አዘውትረው እንደሚነቁ አዩ። ስባቸው ቀድሞ ያልቃል። በበረዶ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነፍሳት በሌሉበት ወቅት ለመብላት ሲወጡ መታየታቸው አንዱ ምልክት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሞተዋል። ሰው ዋሻ ገብቶ ሲረብሻቸውም ሒሳቡ ያው ነው። በክረምት አንዳንድ ዋሻዎች ለጎብኚ የሚዘጉት ለዚህ ነው።

ይህን ወጪ የሚያመልጡም አሉ። በማዳጋስካር ወፍራም ጭራ ያለው ትንሹ ሌሙር የሚባል የዝንጀሮ ዘመድ ለሰባት ወር ያህል ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ይደነዝዛል። ዛፉ ቀን ላይ በፀሐይ ሲግል ሰውነቱም አብሮ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጉድጓዱ ከ30 ዲግሪ በላይ አዘውትሮ ከሞቀ ሌሙሩ ለመንቃት የራሱን ስብ አያቃጥልም። ድብም ሌላ መንገድ አለው። ትልቅ ስለሆነ የሰውነቱ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በታች አይወርድም። አላስካ ውስጥ የተለኩት ጥቁር ድቦች ግን ሙቀታቸው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ቀንሶ የጉልበት ወጪያቸው ወደ አንድ አራተኛ ወርዷል። ጸደይ ላይ ከዋሻ ወጥተው መንቀሳቀስ ከጀመሩ በኋላም ይህ ወጪ ወደ ወትሮው ለመመለስ እስከ ሦስት ሳምንት ወስዷል።