ስለ ቺዝ ፕሮቲንና ውሃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጠንካራ ቺዝ ከኮቴጅ ቺዝ ሦስት እጥፍ ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ፕሮቲን ለሚፈልግ ሰው የሚሻለው እሱ ነው።»

ቁጥሩ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ነው ችግሩ። 100 ግራም ፓርሜዛን ውስጥ 36 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። 4 በመቶ ስብ ያለው ኮቴጅ ቺዝ በ100 ግራሙ 11 ግራም ገደማ ነው የሚይዘው። ግን ኮቴጅ ቺዙ ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ፓርሜዛኑ ውስጥ ያለው ውሃ 29 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሚዛን ላይ ስናስቀምጣቸው የምናወዳድረው አይብን ከአይብ ጋር ሳይሆን፣ በአብዛኛው ውሃ የሆነን ነገር ውሃው ከወጣለት ነገር ጋር ነው።

እስቲ ውሃውን ከሁለቱም እናውጣው። ከኮቴጅ ቺዙ 20 ግራም ደረቅ ነገር ይቀራል። ከዚህ ውስጥ 11ዱ ፕሮቲን ነው፤ ማለትም 55 በመቶ። ከፓርሜዛኑ 71 ግራም ይቀራል፤ ፕሮቲኑ የዚህ ግማሽ ያህል ነው። ደረጃው ተገለበጠ ማለት ነው። ቼዳርን ብንጨምር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። 100 ግራም ቼዳር 37 ግራም ውሃ፣ 25 ግራም ፕሮቲን እና 33 ግራም ስብ አለው። ከደረቁ ክፍል ውስጥ ፕሮቲኑ 40 በመቶ እንኳ አይሞላም። የሚበዛው ስቡ ነው።

በካሎሪ ስናየውም ያው ነው። 100 ካሎሪ የሚሰጥ ኮቴጅ ቺዝ 11 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዞ ይመጣል። ፓርሜዛን 9፣ ቼዳር 6 ግራም ያህል። ደግሞስ 100 ግራም ፓርሜዛን በአንድ ቁጭታ የሚጨርስ ማን ነው? ምግብ ላይ ተፈቅፍቆ የሚነሰነሰው ቢበዛ 30 ግራም ነው፤ ይህም 11 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ኮቴጅ ቺዝ ግን 200 ግራም በማንኪያ መብላት ቀላል ነው፤ ከሱ 22 ግራም ይገኛል። የ100 ግራሙ ሠንጠረዥ አይዋሽም፤ ሰሃን ላይ ስንት ግራም እንደሚቀርብ ግን አይናገርም።

«ቺዝ በቆየ ቁጥር ፕሮቲን ይጨምራል።»

ከየት አምጥቶ? መደርደሪያ ላይ ለተቀመጠ ቺዝ ማንም ወተት አይጨምርለትም። የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ ውሃ እየተነነ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ፕሮቲኑ ባለበት ይቀራል፣ ስለዚህ በየ100 ግራሙ ያለው ድርሻ ከፍ ይላል።

ያም ሆኖ አብዛኛው ውሃ የሚወጣው በቆይታ አይደለም። ስራው የሚያልቀው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ጋኑ ውስጥ ነው። ፓርሜዛን ሲሠራ የረጋው ወተት የሩዝ ፍሬ እስኪያክል ድረስ ይቆራረጣል። ከዚያ ወደ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ፍሬው ባነሰና ሙቀቱ ከፍ ባለ መጠን አጓቱ ከውስጡ እየተጨመቀ ይወጣል። ለስላሳ አይብ የሚሠራ ሰው ግን የረጋውን ወተት ብዙ አይነካካውም፤ በቀስታ አጥልሎ ይተወዋል፤ ውሃውም ውስጡ ይቀራል። ስለዚህ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የተባለው የጣሊያኑ ፓርሜዛን ቢያንስ 12 ወር ሲቆይ፣ ያ ጊዜ የሚሠራው በዋናነት ለጣዕሙ ነው።

በዚያ ጊዜ ኢንዛይሞች ኬዚን የተባለውን ዋናውን የወተት ፕሮቲን ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮችና ወደ አሚኖ አሲዶች ይሰባብሩታል። የቆየ ቺዝ ስንበላ ጥርስ ስር ቀጭ የሚሉት ነጫጭ ፍሬዎች ብዙውን ጊዜ ታይሮሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ናቸው። ጨው የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ፕሮቲኑ ተሰባበረ እንጂ አልጠፋም። በላቦራቶሪ ፕሮቲን የሚለካው በናይትሮጅኑ መጠን ስለሆነ ቁርጥራጮቹም አብረው ይቆጠራሉ።

«ውሃው ያነሰ ቺዝ ሁሉ ፕሮቲኑ ይበዛል።»

ይህን አባባል ክሬም ቺዝ ብቻውን ያፈርሰዋል። በ100 ግራም 53 ግራም ያህል ውሃ አለው፤ ከኮቴጅ ቺዝ በጣም ያነሰ ነው። ፕሮቲኑ ግን 6 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ውሃው የለቀቀውን ቦታ የያዘው ስብ ነዋ፤ 34 ግራም ገደማ! በዳቦ ላይ ለመቀባት ደስ ይላል፤ የፕሮቲን ምንጭ ነው ብሎ መግዛት ግን አያዋጣም።

«ለስላሳ አይብ ሁሉ ያው ነው።»

ስብ የሌለው ኳርክ በ100 ግራሙ 12 ግራም ያህል ፕሮቲንና 80 ግራም ያህል ውሃ አለው፤ ከኮቴጅ ቺዝ ብዙም አይለይም። ለስላሳ የፍየል አይብ ግን ውሃው 61፣ ፕሮቲኑ 18 ግራም አካባቢ ነው። ሪኮታ ደግሞ ለብቻው ነው። በባህላዊው አሠራር የሚገኘው ከሌላ ቺዝ የተረፈውን አጓት በማሞቅ ነው። የአጓት ፕሮቲን በሙቀት ሲረጋ ብዙ ውሃ አቅፎ ይይዛል፤ ስለዚህ ሪኮታ እርጥብና ልስልስ ይሆናል። ፕሮቲኑ እንደ አምራቹ ከ7 እስከ 11 ግራም ይዋዥቃል። እዚህ ላይ ስሙን ሳይሆን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማየት ነው።

«ኮቴጅ ቺዙ ውሃ አቀረረ፤ ተበላሽቷል።»

አብዛኛውን ጊዜ ያ ፈሳሽ አጓት ነው። ሲቆይ ከፍሬው ተለይቶ ይወጣል። ማማሰል በቂ ነው። የተበላሸው በሌላ ነገር ይታወቃል፦ እርሾ እርሾ የሚል ሽታ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ የሚያሙለጨልጭ ፊት።

ፈሳሹን ሆን ብሎ ማውጣትም ይቻላል። 400 ግራም ኮቴጅ ቺዝ በስስ ጨርቅ አስረን ፍሪጅ ውስጥ ብናንጠለጥለውና 100 ግራም ፈሳሽ ቢወርድ፣ 300 ግራም ይቀራል። መጀመሪያ የነበረው ፕሮቲን 44 ግራም ነበር። ፈሳሹ ወተትና ክሬም ስላለበት 3 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዞ ይሄዳል እንበል። 41 ግራሙ በ300 ግራም ላይ ሲከፈል በየ100 ግራሙ 14 ግራም ገደማ ይሆናል። በወረቀት ላይ ከ11 ወደ 14 «አደገ»፤ ሰሃኑ ላይ ያለው ጠቅላላ ፕሮቲን ግን በ3 ግራም ቀነሰ።

«የሻገተውን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን መብላት ነው።»

ለቼዳርና ለፓርሜዛን ይሠራል። ሻጋታው ካለበት በየአቅጣጫው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ መቁረጥ፣ ቢላዋው ሻጋታውን እንዳይነካ መጠንቀቅ፣ የቀረውን መብላት። ውሃው ጥቂት፣ አካሉም ጥብቅ ስለሆነ ሻጋታው ወደ ውስጥ በቀላሉ አይዘልቅም። ኮቴጅ ቺዝ፣ ሪኮታና ክሬም ቺዝ ላይ ግን አይሠራም። በእርጥብ አይብ ውስጥ ሻጋታውም ባክቴሪያውም ዓይን ከሚያየው በላይ ይሰራጫሉ። ሙሉውን መድፋት ነው።