ዶላርና ወርቅ ከተለያዩ በኋላ ዋጋ ምን ሆነ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እስከ 1971 ድረስ ዶላር በወርቅ የታሰረ ስለነበር ዋጋ አይጨምርም ነበር። ኑሮ የተወደደው የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኒክሰን ወርቁን ሲያነሳው ነው።»

ይህን ከተማሪዎቼ፣ ለቅሶ ቤት አጠገቤ ከተቀመጡ ሰዎች፣ ከታክሲ ሾፌሮችም ሰምቻለሁ። ቁጥር ጠቅሶ የነገረኝ ግን አንድም የለም። ቁጥሩን እንየው (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። በ1913 አሜሪካ ውስጥ 10 ዶላር ያወጣ የነበረ አስቤዛ በ1971 ወደ 41 ዶላር ደርሷል። ወርቁ እያለ አራት እጥፍ! በ1969 እና በ1970 ንረቱ በዓመት ከ5 በመቶ በላይ ነበር። ኒክሰን ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም. (በእነሱ ኦገስት 15 ቀን 1971) ማታ የወርቁን መስኮት፣ ማለትም ዶላር በወርቅ መመንዘሩን፣ ሲዘጋ፣ በዚያው ንግግር ዋጋና ደመወዝ ለ90 ቀን ባለበት እንዲቆም አዟል። ያልወጣ ዋጋ ማን ያግዳል?

ለውጡን ማየት የፈለገ ሰው ዋጋ ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ ይከታተል። ድሮ ይመለስ ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የወረቀት ገንዘቡ በወርቅ መመንዘሩ ቀረ፤ ዋጋም ከሞላ ጎደል እጥፍ ሆነ። ምንዛሪው በ1879 እስኪከፈት ድረስ ግን ዋጋው ወርዶ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት የ10 ዶላሩን ዕቃ በ1920 ወደ 20 አወጣው፤ በ1933 ደግሞ 13 ሆነ።

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?» ይሉኛል። ለማን? በ1919 አንድ ቡሼል (27 ኪሎ ገደማ) ስንዴ ከ2 ዶላር በላይ ሲሸጥ 1,000 ዶላር የተበደረ ገበሬ፣ ዕዳው ከ500 ቡሼል አይበልጥም ነበር። በ1932 ስንዴው 38 ሳንቲም ገባ። ያው 1,000 ዶላር አሁን ከ2,600 ቡሼል በላይ ጠየቀው። መሬቱ ያው፣ ጉልበቱ ያው፣ ዕዳው አምስት እጥፍ። ወርቅ የሚናፍቁ ሰዎች ይህን ገበሬ አያነሱትም።

መመለሱ የቀረው ደግሞ ከኒክሰን በፊት ነው። በ1940 14 ዶላር የነበረው ያው አስቤዛ በ1948 24 ደረሰ፣ ከዚያ ወዲያ ወደነበረበት አልተመለሰም። ከ1955 በኋላ የአሜሪካ ዓመታዊ አማካይ ዋጋ የወረደው በ2009 ብቻ ነው፣ እሱም በጥቂቱ። እስከ 1971 ግን ቢያንስ አንድ ፍሬን ነበር፤ አሜሪካ ዶላር ካበዛች የውጭ ማዕከላዊ ባንኮች ዶላራቸውን ይዘው መጥተው ወርቅ ይጠይቃሉ። በ1971 የተነሳው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የዘንድሮው ንረት ለከርሞው መነሻ ሆነ። ሠራተኛው ደመወዙን ሲደራደር፣ አበዳሪውም ወለዱን ሲወስን፣ ዋጋ እንደሚወጣ አስቀድሞ አስቦ ነው። በ1974 ንረቱ 11 በመቶ ደረሰ፤ የነዳጅ መወደድ አለበት፣ ብቻውን ግን አይደለም። በ1980 ከ13 በመቶ አለፈ።

«ያለ ወርቅ ንረትን ማቆም አይቻልም» የሚለው አጭር መልስ አለው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር የነበረው ፖል ቮልከር ወለዱን ወደ 20 በመቶ ወስዶ በ1983 ንረቱን ወደ 3 በመቶ አወረደው። ከባድ ሥራ አጥነት አስከፍሏል፣ ወርቅ ግን አልጠየቀም።

«እስከ 1971 ማንም አሜሪካዊ ዶላሩን ባንክ ወስዶ ወርቅ ይቀበል ነበር»፦ አይቀበልም፤ ከ1933 ጀምሮ ለግለሰብ ተከልክሎ ነበር።

«ብራችን ከ1971 በኋላ በዶላር ላይ የጠነከረው በኢኮኖሚያችን ነው» ለሚሉኝ ደግሞ ካልኩሌተር አውጡ እላለሁ። አንድ ዶላር 2 ብር ከ50 ነበር። አሜሪካ የአንድ አውንስ ወርቅ ይፋዊ ዋጋ ከ35 ዶላር ወደ 38፣ ቀጥሎ ወደ 42.22 ስታሳድግ፣ ብሩ ከወርቁ ጋር እንዳለ ቆየ። 2.50ን በ35 አባዙና ለ38 አካፍሉ፦ 2.30። ለ42.22 አካፍሉ፦ 2.07። ይቺው 2.07 ናት እስከ 1992 ከዶላር ጋር ታስራ የቆየችው። ብሩ ባለበት ቆሞ ዶላሩ ነው የወረደው።

በመጨረሻም «ወርቅ ሁልጊዜ ከዋጋ ጋር እኩል ይሄዳል» የሚለው። በጃንዋሪ 1980 አንድ አውንስ 850 ዶላር ነካ። በ2001 ከ300 በታች ነበር፤ በዚያው ጊዜ የአሜሪካ የኑሮ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዋሽንግተን የሚኖር ዘመዴ ይህን ነግሬው አልሰማኝም። በ2011 በ1,800 ዶላር ገደማ ገዛ፣ በ2015 መጨረሻ የልጁ የኮሌጅ ክፍያ ሲደርስ በ1,100 ሸጠ። ቢያቆየው ኖሮ እንደሚያተርፍ ዛሬም ይነግረኛል። ልክ ነው። ኮሌጁ ግን ቀን ቆርጦ ነበር። ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምና በቅርብ የምትፈልጉትን ገንዘብ ወርቅ ላይ አታድርጉ፤ የምታደርጉ ከሆነም በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለውን ልዩነት መጀመሪያ ጠይቁ፣ እሱም ዘመዴን ተጨማሪ ገንዘብ አስከፍሎታል።